ሁሉም አካውንት በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ ሲንጠለጠል

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ የባህል ልብስ እሰፋለሁ። ትእዛዝ የምቀበልበት የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናልና ጂሜይሌ ሁሉም የተከፈቱት በአንድ 09 ቁጥር ነው። ሲሙን ያወጣልኝ ወንድሜ ስለሆነ በእሱ ስም ነው፤ አሁን የሚኖረው አዳማ ነው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቻለሁ፣ ኮዱም ወደዚሁ ቁጥር ይመጣል። ስልኬ ቢጠፋ ቴሌ ሄጄ ሲሙን አወጣለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ይመለሳል ብዬ ነው የማስበው። ተሳስቻለሁ?»

መልስ፦ አዎ፣ ተሳስተዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለት ደረጃ ነው ብለው ካመኑት ነገር ነው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚጠቅመው ሁለቱ ደረጃዎች በተለያየ ቦታ ሲቀመጡ ነው፤ አንዱ በጭንቅላትዎ ያለ የይለፍ ቃል፣ ሌላው በእጅዎ ያለ ነገር። በእርስዎ አካውንቶች ላይ ግን የይለፍ ቃል ሲረሳ የመቀየሪያው ኮድ ወደ 09 ቁጥርዎ ይላካል፣ ከይለፍ ቃሉ በኋላ የሚጠየቀው ኮድም ወደዚያው ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ በእጁ የገባ ሰው የይለፍ ቃልዎን ማወቅ አያስፈልገውም። «ረስቻለሁ» የሚለውን ነክቶ ኮዱን ይቀበላል፣ አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ኮድ በዚያው ስልክ ይቀበላል። ጎግል አንዳንዴ ከዚህ በፊት የገቡበትን ስልክና አካባቢ አይቶ ተጨማሪ ነገር ስለሚጠይቅ ሌባው ሊደናቀፍ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ግን የራስዎን የይለፍ ቃል ካልጨመሩ በስልክ የሚመጣው ኮድ ብቻውን በሩን ይከፍታል።

ሁለተኛው ስህተት ቁጥሩ የእርስዎ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቁጥሩ የቴሌኮም ድርጅቱ ነው፤ የመጠቀም መብቱ ደግሞ በስሙ የተመዘገበው ሰው፣ ማለትም የወንድምዎ ነው። ለአካውንቶችዎ ባለቤትነት ዋስ አድርገው የያዙት ነገር በወረቀት ላይ ከእርስዎ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያመጣ በአንድ ምሽት እንየው። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት መናኸሪያ አካባቢ ስልክዎ ተነጠቀ እንበል። ስልኩ በጣት አሻራ ስለተቆለፈ ሌባው ሊከፍተው አይችልም፤ እርስዎም በዚህ ይጽናናሉ። እሱ ግን ስልኩን መክፈት አያስፈልገውም። ሲሙን በመርፌ አውጥቶ በሌላ ርካሽ ስልክ ውስጥ ይከተዋል። ሲሙ ላይ የምስጢር ቁጥር ስላልተደረገ ወዲያው ይሠራል። ቁጥርዎን ለማወቅ ወደ ራሱ ስልክ መደወል ይበቃዋል። ከዚያ ቴሌግራም አውርዶ ቁጥሩን ያስገባል፤ ኮዱ መጀመሪያ ወደ ተቆለፈው ስልክዎ ቢሄድም ትንሽ ጠብቆ በአጭር መልእክት እንዲላክለት ይጠይቃል። አሁን የደንበኞችዎን መልእክቶች በሙሉ እያነበበ ነው፤ ቻናሉም በእጁ ነው። ከመልእክቶቹ መካከል ደግሞ «ቀብድ የት ልላክ?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ፌስቡክ ላይም አካውንትዎን ለማግኘት ስምዎን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የመግቢያው ቁጥር ራሱ አካውንቱን ይጠራዋል።

እርስዎ በበኩልዎ ቅዳሜ ማታ የሚከፈት የአገልግሎት ማዕከል ላያገኙ ይችላሉ። ቢያገኙም ተተኪ ሲም የሚሰጠው በስሙ የተመዘገበው ሰው መታወቂያ ይዞ ሲቀርብ ነው፤ ወንድምዎ ደግሞ አዳማ ናቸው። እሳቸው እዚያው አዳማ ካለ ማዕከል ቢያስወጡ እንኳ ሲሙ ሀዋሳ ደርሶ እጅዎ እስኪገባ የሚያልፉት ሰዓታት ለሌባው ከበቂ በላይ ናቸው። ሲሙ ተመልሶ ሲመጣም የሚመለሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሌባው እስከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ የእርስዎን ቁጥር ከፌስቡክ አውጥቶ የራሱን አስገብቶ ከሆነ፣ ሲሙ ምንም አይመልስልዎትም።

ስርቆት ከሁሉም የሚታየው መንገድ ነው። ጸጥ ብሎ የሚመጣው ግን ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተደወለበት ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ከጊዜ በኋላ ለአዲስ ደንበኛ ይሰጣል። ይህ ወደ ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ሄደው ሲማቸውን መሳቢያ ውስጥ በተዉ ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ ሲመለሱ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው፣ አካውንቱ ግን አሁንም ኮዱን ወደዚያ ይልካል። አዲሱ ባለቤት ክፉ መሆን አይጠበቅበትም። በአዲሱ ሲም ቴሌግራም ሊከፍት ሲሞክር ራሱን በሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የቴሌኮም ድርጅቶች ለአዲስ ደንበኛ ካቀረቧቸው ቁጥሮች 259ኙን መርምረው 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካሉ አካውንቶች ጋር እንደተያያዙ አግኝተዋል።

ሦስተኛው መንገድ አጭበርባሪ ባለቤቱን መስሎ ቀርቦ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲም ሲያዞር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤክስ አካውንት የተወሰደው በዚህ መንገድ ነው። ከአካውንቱ ጋር የተያያዘው ቁጥር ወደ ሌላ ሲም ተዛወረ፣ በእሱ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ማስታወቂያም ተለጠፈ። አካውንቱ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ከወራት በፊት ጠፍቶ ነበር። ለእርስዎ ይህ ከሦስቱ መንገዶች ዝቅተኛው ስጋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሲሙ በሌላ ሰው ስም ሲሆን «እኔ ነኝ ባለቤቱ» ብሎ ለመከራከር የሚያስችልዎት ሰነድ ስለሌለ ከደረሰ ጉዳቱ ይከብዳል።

አሁን ወደ ማስተካከያው። ከጂሜይል ይጀምሩ፤ ምክንያቱም ፌስቡክም ቴሌግራምም የኢሜይል ማስመለሻ ሲጨመርላቸው መንገዳቸው የሚያልፈው በእሱ ነው። ጂሜይሉ ሳይጠነክር እነሱን ወደ እሱ ማሰር አደጋውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

በስልክዎ ብራውዘር ላይ myaccount.google.com ብለው ይግቡ፣ Security የሚል ቃል ያለበትን ክፍል ይክፈቱ፣ ከዚያ 2-Step Verification ውስጥ ገብተው Backup codes የሚለውን ይንኩ። ጎግል እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ያላቸው 10 ኮዶች ይሰጥዎታል። እያንዳንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ኔትወርክ ያለው ሲም አይፈልግም፣ አጭር መልእክት አይጠብቅም። አዲስ 10 ኮዶች ካስወጡ አሮጌዎቹ በሙሉ ዋጋ ያጣሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ አዲስ ሲያስወጡም አሮጌውን ይቅደዱ።

እነዚህን ኮዶች በእጅዎ ይጻፏቸው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው አያሳትሙ፤ ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ፎቶ አንስተውም አያስቀምጡ፤ ፎቶው በራሱ ወደ ጎግል ይጫናል፣ ጎግል ሲቆለፍብዎ ኮዱም አብሮ ውስጥ ይቆለፋል። ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ ማስቀመጥም ያው ነው። 80 አሃዝ ለመጻፍ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ቅጂ ይጻፉ፦ አንዱ ቤትዎ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ ከሚያስቀምጡበት ቦታ፣ ሌላው ከእርስዎ ጋር በማይኖር በሚያምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ የኢሜይል አድራሻዎንም የይለፍ ቃልዎንም አይጻፉ፤ ወረቀቱ ብቻውን ቢገኝ ለማንም እንዳይጠቅም። ከስልክዎ መሸፈኛ ጀርባ ወይም ከቦርሳዎ ውስጥ ግን በፍጹም አያስገቡት፤ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ በየቀኑ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ በአረጋጋጭ መተግበሪያ ይተኩት። ጎግል ኦተንቲኬተር ወይም ተመሳሳዩ መተግበሪያ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር 6 አሃዝ ያወጣል። ኮዱን የሚሠራው በምዝገባ ጊዜ በተቀበለው ምስጢራዊ ቁልፍና በስልኩ ሰዓት ስለሆነ ኢንተርኔትም ሲምም አይፈልግም። 2-Step Verification ውስጥ Authenticator የሚለውን ሲመርጡ ባለ አራት ማዕዘን ምስል ይመጣል፤ ምስሉን በላፕቶፕ ወይም በሌላ ሰው ስልክ ከፍተው በመተግበሪያው ያነሱታል፣ ወይም ከሥሩ ያለውን የፊደል ቁልፍ ገልብጠው ያስገቡታል። ሌላ አሮጌ ስልክ ቤት ካለ ያንኑ ምስል በዚያው ጊዜ በእሱም ያንሱ። ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣሉ፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው ይቀራል። አሮጌው ስልክ ሲም ባይኖረውም ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። የመጀመሪያው ጎግል ኦተንቲኬተር ኮዶቹን በጎግል አካውንት ላይ እንዲያስቀምጥ ሲፈቀድለት ነው። ለፌስቡክ ኮድ ይህ ምቹ ነው። ለራሱ ለጎግል ኮድ ግን ክብ ይሆናል፤ ወደ ጂሜይል ለመግባት ኮዱ ያስፈልጋል፣ ኮዱን በአዲስ ስልክ ለማግኘት ደግሞ ወደ ጂሜይል መግባት ያስፈልጋል። ክቡን የሚሰብረው ሁለተኛው ስልክ ወይም የተጻፈው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ አንዱ የግድ መኖር አለበት።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር 6 ሰዓት ያዞረዋል። ስልኩ ግን ይህ የአቆጣጠር ልዩነት መሆኑን አያውቅም፤ ጊዜው ራሱ 6 ሰዓት የተዛነፈ ይመስለዋል፣ በዚያም ሂሳብ የተሠራው ኮድ ሁሉ «ስህተት» ይባላል። ኮዱ ያለማቋረጥ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። በቀንና ሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ ያብሩት፣ የጊዜ ክልሉንም አዲስ አበባ ያድርጉት። የኢትዮጵያ ሰዓት ማየት ከፈለጉ ለብቻው የሚያሳይ መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ ያስቀምጡ።

ፓስኪ የሚባለው አዲሱ መግቢያም ጥሩ ነው፤ በጣት አሻራ ይከፈታል፣ በሐሰት ገጽ ላይም አይሠራም። ለማስመለሻነት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ያለዎት አንድ ስልክ ከሆነ ከስልኩ ጋር ይሄዳል። በዩኤስቢ የሚሰካው የደኅንነት ቁልፍ ከሁሉም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ በየሱቁም አይገኝም፤ ከውጭ የሚያመጣልዎ ሰው ከሌለ ሳይጨነቁ ይለፉት።

ሦስተኛው ማስመለሻ ኢሜይል ነው። ይህ ኢሜይል ዋጋ የሚኖረው ራሱ በዚያው 09 ቁጥር የማይመለስ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለት ጂሜይል ከፍቶ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ማሰር እንደ አንድ ጂሜይል ይቆጠራል። ለሁለተኛው ኢሜይል የተለየ የይለፍ ቃል ይስጡት፣ የራሱን መጠባበቂያ ኮዶች በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፉለት፣ በአሮጌው ስልክ ላይም ክፍት አድርገው ይተዉት። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል በየጥቂት ወሩ ገብተው አንድ መልእክት ያንብቡበት። የእህትዎን ወይም የጓደኛዎን ኢሜይል ማስገባትም ይቻላል፤ ግን ያ ሰው የማስመለሻ ኮዱ እጁ ላይ እንደሚገባ፣ የእሱ አካውንት ከተሰበረም የእርስዎ አብሮ እንደሚጋለጥ አውቀው ይምረጡ።

ታዲያ ቁጥሩን ጨርሶ ላውጣው ወይ ለሚለው መልሴ ይህ ነው። ጎግል ላይ ቁጥርዎ የሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ነው፦ አንደኛው በ2-Step Verification ውስጥ ኮድ መቀበያ ሆኖ፣ ሁለተኛው Recovery phone በሚለው ስር። ብዙ ሰው አንዱን ቀይሮ ሌላውን ይረሳል። ወረቀቱ፣ መተግበሪያውና ኢሜይሉ መሥራታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቦታ ያውጡት። ከሁለተኛው ቦታ አያውጡት፣ ሲሙ በስምዎ እስኪዞር ግን የቁጥሩ ዕጣ በእጅዎ እንዳልሆነ ይወቁ። ከአጭበርባሪ ይልቅ ወረቀት በመጥፋቱና የይለፍ ቃል በመረሳቱ ከአካውንቱ ውጭ የሚቀረው ሰው ስለሚበዛ፣ ቁጥሩ ከብዙ መንገዶች አንዱ ሆኖ ቢቆይ ይጠቅማል። ቁጥሩን ወይም ኢሜይሉን ሲቀይሩ ጎግል ለ7 ቀን ወደ አሮጌውም ኮድ ሊልክ ይችላል፤ ይህ ሌባ ሲቀይርብዎ ያተርፍዎታል፣ አሮጌው ቁጥር በሌባ እጅ ከሆነ ግን እነዚያን 7 ቀናት በንቃት መከታተል ይጠይቃል።

ቴሌግራም ላይ ያለው ሁኔታ ይለያል፤ እዚያ ቁጥሩ ራሱ አካውንቱ ስለሆነ ማውጣት አይቻልም። መከላከያው Settings ከዚያ Privacy and Security ከዚያ Two-Step Verification ውስጥ የራስዎን የይለፍ ቃል መጨመር ነው። ሲጨርሱ የማስመለሻ ኢሜይል ይጠይቅዎታል፤ እሱን አይዝለሉት። ያለ ኢሜይል የይለፍ ቃሉን ከረሱ የሚቀርዎት ምርጫ 7 ቀን መጠበቅ ወይም አካውንቱን ከነሙሉ ይዘቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ሊሆን ይችላል። የዚህ መከላከያ ወሰኑም እዚሁ ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው የይለፍ ቃሉን ባያውቅም አካውንቱ እንዲጠፋ መጠየቅ ይችላል፤ በቅርቡ የተጠቀሙበት አካውንት ከሆነ ጥያቄው 7 ቀን ይጠብቃል፣ ማስጠንቀቂያውም ክፍት በሆነው መሣሪያዎ ላይ ይመጣል። በአሮጌው ስልክ ወይም በላፕቶፕ ቴሌግራም ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ሆነው Change Number በሚለው ወደ አዲስ ቁጥር መዛወር ይችላሉ። ኮዱ የሚላከው ወደ አዲሱ ቁጥር ስለሆነ አሮጌው ሲም አያስፈልግም። ለቻናሉ ደግሞ የሚያምኑትን ሁለተኛ ሰው አስተዳዳሪ አድርገው ይጨምሩ፤ እርስዎ ቢቆለፍብዎ ቢያንስ ለደንበኞች «ወደዚህ ቁጥር ገንዘብ አትላኩ» የሚል ሰው ይኖራል። የቻናሉን ባለቤትነት ማስተላለፍ የሚቻለው የይለፍ ቃሉ ከተጨመረ ከ7 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ይህን ሥራ ችግር ሲመጣ አደርገዋለሁ ብለው አያቆዩት።

ፌስቡክ ላይ Accounts Center ውስጥ Password and security፣ ከዚያ Two-factor authentication ይክፈቱ። ለእሱም የአረጋጋጭ መተግበሪያውን መርጠው Recovery codes የሚሉትን በወረቀቱ ላይ ይገልብጡ፣ ጂሜይልዎንም ያስገቡ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን Personal details ውስጥ ካለው የመገናኛ አድራሻ ማውጣት ይችላሉ፤ እኔ እንዲያወጡት እመክራለሁ። ገጹን በተመለከተ ለሁለተኛ ሰው ሙሉ ሥልጣን መስጠት ያድናል፣ ነገር ግን ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው እርስዎንም ማስወጣት ስለሚችል ለሠራተኛ ሳይሆን ለቤተሰብ የሚሰጥ ነገር ነው።

ቁጥሩን ማውጣት የማይቻልባቸው አገልግሎቶችም አሉ። ቴሌብር፣ የባንክ የሞባይል አገልግሎት፣ የፋይዳ ማረጋገጫ ኮድ፣ እነዚህ በቁጥሩ ላይ የቆሙ ናቸው። ለእነሱ የሚሠራው መፍትሔ ሲሙን ራሱን ማጠንከር ነው። ወንድምዎ ወደ ሀዋሳ ሲመጡ ወይም እርስዎ አዳማ ሲሄዱ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ማዕከል ቀርባችሁ የባለቤትነት ዝውውር ይጠይቁ፤ ምን ሰነድ እንደሚፈለግ አስቀድመው በ994 ያረጋግጡ። ይህን ከሌላው ሥራ ሁሉ በፊት ቀጠሮ ይያዙለት፣ ምክንያቱም በእርስዎ እጅ ብቻ የማያልቀው ይህ ነው።

ዛሬውኑ የሚያልቀው ደግሞ የሲም ፒን ነው። በስልኩ የደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ SIM lock የሚል ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ቦታ አለ፤ ሲያበሩት አሁን ያለውን ፒን ይጠይቃል። ፒኑ ሲሙ ሲገዛ በመጣበት ፕላስቲክ ላይ PUK ከሚለው ቁጥር ጋር ታትሟል። በግምት አይሞክሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፍና PUK ይጠይቃል፣ PUKም 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል። ፕላስቲኩ ከጠፋ ቁጥሮቹን ከድርጅቱ ይጠይቁ። ፒኑን ካበሩ በኋላ ከታተመው ወደ ራስዎ ቁጥር ይቀይሩት፤ የልደት ዓመትዎን ወይም የቴሌብር ፒንዎን ግን አይድገሙበት። ከዚያ በኋላ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ፒኑን ሳያገኝ አይሠራም፤ ከላይ ያየነው የቅዳሜ ምሽት ስርቆት በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይቆማል። በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክት ይዘት እንዳይታይም ያጥፉት፤ ካልጠፋ ሲሙ ሳይወጣም ኮዱ ከስክሪኑ ላይ ይነበባል።

ማንኛውም ማስመለሻ ሳይሞከር እንዳለ አይቆጠርም። በአሮጌው ስልክ ወይም በላፕቶፕ ላይ ጂሜይሉን በአዲስ መስኮት ከፍተው የይለፍ ቃሉን ካስገቡ በኋላ ከወረቀቱ አንድ ኮድ ተጠቅመው ይግቡ። ሲሠራ ያንን ኮድ ይሰርዙት። ይህን ሲያደርጉ ዋናው ስልክዎ ክፍት እንደሆነ ይቆይ፤ አንድ ነገር ቢሳሳት መመለሻዎ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቁጥሩ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ወንድምዎ 994 ደውለው ሲሙን ያዘጉ፤ ጥያቄዎቹ የሚመለከቱት በስሙ የተመዘገበውን ሰው ስለሆነ እርስዎ ከሚደውሉ እሳቸው ቢደውሉ ይፈጥናል። እስከዚያ ድረስ አካውንቶቹ ክፍት የሆኑበት ሌላ መሣሪያ ካለ በምንም ምክንያት እንዳይወጡበት፤ ስልኩንም ወደ ፋብሪካ ይዘቱ አይመልሱት። ከዚያው መሣሪያ ሆነው የቴሌግራሙን ቁጥር ይቀይሩ፣ የጂሜይሉን የይለፍ ቃልና ቁጥር ይለውጡ፣ Your devices ከሚለው ስር የጠፋውን ስልክ ያስወጡ፣ ከዚያ ፌስቡክን ይከተሉ። ክፍት መሣሪያ ከሌለ g.co/recover ላይ ይሞክሩ፤ ሙከራው ከዚህ በፊት በሚገቡበት ኮምፒውተር፣ በቤትዎ ወይም በሱቅዎ ዋይፋይ ቢሆን ዕድሉ ይሻላል፣ የሚያስታውሱት የመጨረሻ የይለፍ ቃል የተሳሳተ ቢመስልዎትም ያስገቡት። መልሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳሉ በቴሌግራም «አካውንት እናስመልሳለን» የሚሉ ሰዎች ያገኙዎታል። ጎግል ይህን አገልግሎት የሚሰጥለት ወኪል የለውም። የሚፈልጉት ብር ነው፣ ወይም ከዚያ የከፋ ደግሞ የሚመጣልዎትን ኮድ ነው። ከመተግበሪያው የሚወጣው 6 አሃዝም፣ በወረቀት ያለው 8 አሃዝም ለማንም በስልክ አይነበብም፣ ደዋዩ ከባንክ ወይም ከቴሌ ነኝ ቢልም።

ዛሬ አንድ ሰዓት ካለዎት የሲም ፒኑን ያብሩ፣ የጂሜይሉን 10 ኮዶች በሁለት ወረቀት ይጻፉ፣ ለቴሌግራም የይለፍ ቃል ከኢሜይል ጋር ይጨምሩ። መተግበሪያውና ፌስቡኩ ለነገ ይቆዩ። ከወንድምዎ ጋር የባለቤትነት ዝውውሩን ቀን ግን ዛሬ ማታ ደውለው ይቁረጡ።